ፊት ለፊቱ «ትራንስ ፋት 0» ይላል፣ ግብዓቱ ላይ «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» አለ፤ የቱን ልመን?

የኮዬዋ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው። እናቴ ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሎ ሐኪሟ «ትራንስ ፋት ጭራሽ እንዳይነካ፣ ሳቹሬትድ ፋትም ይቀነስ» ብለዋታል። ሻይ ያለ ብስኩት አይሆንላትም፤ በጾም ደግሞ በየቀኑ ነው። ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ከውጭ የገባ ባለ 100 ግራም ፓኬት እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰርቪንግ 3 ብስኩት ወይም 25 ግራም፣ በፓኬቱ 4 ሰርቪንግ፣ ጠቅላላ ፋት 6 ግራም፣ ሳቹሬትድ 2.5 ግራም፣ ትራንስ 0 ግራም። ከጎኑ በደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ «የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ፓልም ኦይል፣ ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ ሶያቢን ኦይል፣ ጨው…» ይላል። የቱን ልመን? ሱቅ ቆሜስ በምን ልለየው?

ቃሊቲ 08
እህቴ ቀላል ነው። የሚረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ ፋት ነው። ፓልም የሚል ካየሽ መልሰሽ አስቀምጪው፤ ሌላውን ማንበብ አያስፈልግሽም።

የዘይት ኬሚስት
የኮዬዋ፣ ግብዓቱን እመኚ። ሠንጠረዡ አልዋሸም፤ የተጻፈበት ደንብ ነው ክፍተት ያለው። በአሜሪካ ዓይነት ሠንጠረዥ፣ ማለትም «በሰርቪንግ» እየተባለ በሚጻፈው፣ በአንድ ሰርቪንግ ውስጥ ያለው ትራንስ ፋት ከ0.5 ግራም ካነሰ 0 ተብሎ መጻፍ ይችላል። እዚህ ፓኬት ላይ ሰርቪንግ የተባለው ደግሞ ሦስት ብስኩት ብቻ ነው። ሦስት ብስኩት በልቶ የሚያቆም ሰው ስንት አለ?

በያዝሽው ፓኬት እናስላው። በ25 ግራም ውስጥ 0.49 ግራም ትራንስ ቢኖር በሕጉ 0 ይባላል። በአራት ሲባዛ ፓኬቱ ውስጥ 2 ግራም ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ትራንስ ፋት በቀን ከምንበላው ጉልበት ከ1 በመቶ በታች ይሁን ነው። እናትሽ በቀን 1,500 ኪሎ ካሎሪ ይበላሉ ብንል 1 በመቶው 15 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ 1.7 ግራም ገደማ ይመጣል። ስለዚህ «0» የተባለው ፓኬት ብቻውን የቀኑን ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል። «ሊያልፍ ይችላል» ያልኩት በምክንያት ነው፤ 0.1ም ሊሆን ይችላል፣ 0.4ም። ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አይቻልም። ሐኪሙ «ጭራሽ» ካሉ ግን «ፓርሻሊ» የሚለው ቃል መታየቱ ብቻ ፓኬቱን ለመመለስ ይበቃል።

ቃሊቲ፣ ወንድሜ፣ ግማሹ ትክክል ነህ። ፓልም ጠዋት ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ የሚረጋው ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት ስለሆነ ነው፤ በተፈጥሮው ነው፣ ትራንስ ስለሆነ አይደለም። ትራንስ የሚመጣው ፈሳሽ ዘይት፣ ለምሳሌ የሶያ፣ በሙቀትና በኒኬል አማካኝነት ሃይድሮጂን እየገባበት እንዲረጋ ሲደረግና ሥራው መሃል ላይ ሲቆም ነው። «ፓርሻሊ» ማለት ይኸው መሃል ላይ መቆሙ ነው። እስከ መጨረሻው ከተሄደ ትራንሱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ «ፉሊ ሃይድሮጂኔትድ» የሚባለው እሱ ነው፣ ግን ያኔ ዘይቱ ሁሉ ወደ ሳቹሬትድ ይቀየራል። እዚህ ፓኬት ላይ እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፦ ሳቹሬትዱን በብዛት የሚያመጣው ፓልሙ ነው፣ ትራንሱን የሚያመጣው ሶያው። «ፓልም» የሚለውን ቃል ብቻ ከፈለግሽ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አትይዢውም።

ለገጣፎ ሒሳብ
እኔ የምጠቀምበት ዘዴ አለ። አንዳንድ ፓኬት ሞኖ እና ፖሊ የሚባሉትን፣ ማለትም ሳቹሬትድ ያልሆኑትን ሁለት የስብ ዓይነቶችም ይጽፋል። ከጠቅላላው ፋት ላይ ሳቹሬትዱን፣ ሞኖውን፣ ፖሊውን ቀንሺ፤ የተረፈው ትራንስ ነው። ጠቅላላ 6፣ ሳቹሬትድ 2.5፣ ሞኖ 2፣ ፖሊ 0.5 ቢል 1 ግራም ተርፏል፤ የተደበቀው ያ ነው።

የዘይት ኬሚስት
ዘዴው ለመጠርጠር ይጠቅማል፣ ለመፍረድ ግን አይበቃም። በዚያው የአሜሪካ ደንብ ከ5 ግራም በላይ የሆነ ፋት ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል፣ ከዚያ በታች ያለው ወደ ግማሽ ግራም። «6» የተባለው 5.6 ሊሆን ይችላል፤ «0.5» የተባለው 0.7 ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ጠቅላላው ፋት ሲቆጠር የስቡን ክፍሎች አንድ ላይ የሚይዘው ግሊሰሮልም አብሮ ይቆጠራል፤ ሳቹሬትድ፣ ሞኖ፣ ፖሊ ሲቆጠሩ ግን አይገባም። በ6 ግራም ላይ ይህ ብቻ ሩብ ግራም ያህል ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ምንም ትራንስ የሌለበት ብስኩትም በዚህ ስሌት 1 ግራም ሊያተርፍልህ ይችላል። ትርፉ 2 ወይም 3 ግራም ከሆነ ግን ግብዓቱን ደግመህ አንብብ።

የአያት እናት
ይቅርታ ልጆቼ፣ ታዲያ ለእናቷ የጾም ብስኩት መግዛት አይሻልም ወይ? ቅቤም ወተትም የለበትም። ጮማ የሚያመጣው ቅቤው አይደል?

የዘይት ኬሚስት
እማማ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ብስኩት እንዲፈረፈር የረጋ ስብ ይፈልጋል። ቅቤው ሲወጣ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ፓልም ወይም ሾርትኒንግ የሚባለው ለመጋገሪያ የሚዘጋጅ የረጋ ስብ ይገባበታል። «የጾም» የሚለው ቃል የሚነግረን ስቡ ከእንስሳ አለመምጣቱን ብቻ ነው። በቅቤም ውስጥ በተፈጥሮ ትንሽ ትራንስ አለ፣ ከቅቤው ስብ ጥቂት በመቶ የሚሆን፤ የጤና ድርጅቱ 1 በመቶም እሱን ጨምሮ ነው። ስለዚህ የቅቤ ብስኩት ይሻላል ማለቴ አይደለም፤ የጾሙም ፓኬት እኩል ይነበብ ነው የምለው።

ሱሉልታ ሱቅ
በሱቅ በኩል ላግዝ። ቃሉ ሁልጊዜ «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» ተብሎ ሙሉውን አይመጣም። «ሃይድሮጂኔትድ ቬጂተብል ፋት» ብቻ ብሎ ፓርሻሊም ፉሊም ካላለ፣ ፓርሻሊ ነው ብለሽ ያዢው። «ሾርትኒንግ»፣ «ማርጋሪን»፣ «ቬጂተብል ጊ»፣ «ቫናስፓቲ» የሚሉትም ከምን እንደተሠሩ ከጎናቸው ካልተጻፈ አጠራጣሪ ናቸው። ከተጻፈ ግን ያንን እመኚ፤ ዛሬ ከፓልም ብቻ የሚሠራ ሾርትኒንግ ሞልቷል።

ክሬም ያለበትን ብስኩት በተለይ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ፋቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይጻፋል፤ ለሊጡ አንድ ጊዜ፣ ለክሬሙ ሌላ ጊዜ። ግብዓት የሚደረደረው በክብደት ከብዙ ወደ ጥቂት ስለሆነ፣ ሁለት ቦታ ሲከፈል እያንዳንዱ ወደ ታች ይወርድና ፋቱ ጥቂት ይመስላል። ክሬሙ ላይ «ፓልም ከርነል» ካለ ደግሞ ከፓልሙ ይብሳል፤ ከአምስት እጅ አራት እጁ ሳቹሬትድ ነው።

ሌላው፣ የአማርኛው ስቲከር። «የአትክልት ዘይት» ብሎ ያሳጥረዋል፤ እንግሊዝኛው ከሥሩ ሃይድሮጂኔትድ ሊል ይችላል። ስቲከሩ በግብዓቱ ላይ ከተለጠፈ ከካርቶኑ ጎን ላይ አንዳንዴ ዝርዝሩ ይገኛልና ባለ ሱቁን ካርቶኑን አሳየኝ በይው።

የኮዬዋ ልጅ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሌላ ፓኬት አየሁ። ይሄኛው «በ100 ግራም» ነው የሚለው፦ ፋት 16 ግራም፣ ከዚያ ውስጥ ሳቹሬትድ 7.5። ትራንስ የሚል መስመር ጭራሽ የለውም። ግብዓቱ «የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ ፓልም ኦይል፣ ሰንፍላወር ኦይል» ነው። መስመሩ አለመኖሩ ደብቀውኝ ነው?

የዘይት ኬሚስት
አይደለም። ያ የአውሮፓ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው፤ እዚያ ትራንስ ሠንጠረዡ ውስጥ አይጻፍም። በምትኩ ግብዓቱ ላይ ሃይድሮጂኔትድ ከሆነ ፉሊ ወይም ፓርሻሊ መሆኑን የመጻፍ ግዴታ አለ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ከፋብሪካ የሚመጣ ትራንስ በ100 ግራም ስብ ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ተገድቧል። ግን ሠንጠረዡን መስሎ የተሠራ ሁሉ በዚያ ሕግ ሥር ነው ማለት አይደለምና የተመረተበትን አገር ተመልከቺ።

ሁለቱን ለማወዳደር ወደ አንድ መለኪያ አምጪያቸው። የመጀመሪያው በ25 ግራም 2.5 ሳቹሬትድ ነው፣ በ100 ግራም 10 መሆኑ ነው። ሁለተኛው 7.5። እናትሽ ከሁለተኛው 25 ግራም ቢበሉ 1.9 ግራም ሳቹሬትድ ይሆናል። የሳቹሬትዱ ጣሪያ ከጉልበት 10 በመቶ ስለሆነ በ1,500 ኪሎ ካሎሪ 16.7 ግራም ገደማ ነው፤ ሐኪሙ ለእሳቸው ዝቅ ያለ ቁጥር ሰጥተው ከሆነ ግን እሱን ያዢ። በወጡ የሚገባው ዘይት ፓልም ከሆነ ከዚሁ ጣሪያ ላይ ይቀነሳል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም ብቻውን ከ6 ግራም በላይ ሳቹሬትድ አለው። ብስኩቱን ለውጠሽ ድስቱን ሳትለውጪ እንዳትቀሪ።

ሰበታ ዳቦ ቤት
እኛስ ኩኪስ በኪሎ የምንሸጠው? ሌብል የለንም። የምንጠቀምበት ማርጋሪን ካርቶን «ሃይድሮጂኔትድ ቬጂተብል ፋት፣ ውኃ፣ ጨው» ብቻ ነው የሚለው። ለደንበኛ ምን ልበል?

የዘይት ኬሚስት
ከአከፋፋዩ የምርቱን ስፔሲፊኬሽን ወረቀት ጠይቅ። ትራንሱ ከጠቅላላው ስብ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚል መስመር ሊኖረው ይገባል፤ ከ2 በታች ከሆነ ደህና ነው። 20 ወይም 30 የሚል ከሆነ ግን ቀላል ስሌት ሥራ፦ ከ100 ግራም ኩኪስህ 20 ግራሙ ስብ ቢሆንና ከዚያ ሩቡ ትራንስ ቢሆን 5 ግራም ነው፤ ከላይ ካሰላነው ፓኬት ከእጥፍ በላይ።

ሰበታ ዳቦ ቤት
ደወልኩለት። «እንዲህ ያለ ወረቀት ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፣ አስመጪውን ልጠይቅ» አለ። ቀን አልቆረጠልኝም።

ሱሉልታ ሱቅ
ወረቀቱ እስኪመጣ ከፓልም ብቻ የተሠራ ሾርትኒንግ ሞክር፤ ካርቶኑ ላይ «ፓልም» ብሎ ሃይድሮጂኔትድ የማይል። ማርጋሪን ውስጥ ውኃ አለ፣ ሾርትኒንጉ ግን መቶ በመቶ ስብ ነውና በ1 ኪሎ ማርጋሪን ቦታ 800 ግራም ገደማ አድርግና የጎደለውን በውኃ ሙላ፤ ያለዚያ ሊጡ በምድጃ ላይ ይዘረጋብሃል። የማርጋሪኑ ጨውም ስለሚቀር ጨው ጨምር።

የአያት እናት
ልጄ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልን። እኛም ሰፈር ካለው ዳቦ ቤት ነው በኪሎ የምንገዛው።