ጥቆማ፦ ለልጅ ልጅ ትምህርት ገንዘብ የት ይቀመጥ? 529 የትምህርት ቁጠባ ወይስ ትረስት? (ቨርጂኒያ)

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ሰላም ወገኖች። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። 20 ሺህ ዶላር ለአራት ዓመቱ ልጄ ትምህርት ይሁን፣ ካልተማረ ለእህቴ ልጅ ይዙር ትላለች። ለነገሩ አዲስ ነኝ። የምታውቁትን አካውንት ወይም ትረስት የሚያዘጋጅ አበሻ ጠበቃ ጠቁሙኝ።

ማሙሽ፦ ምን አስጨነቃችሁ? በልጁ ስም ከስቶዲያል አካውንት ክፈቱና ተገላገሉ።

የኔነህ፦ እንዳትሰሚው! ለወንድሜ ልጅ እንዲያ አድርጌ ነበር። 18 ሲሞላው ገንዘቡን ተረክቦ መኪና ይዞ መጣ፣ ያውም የሰፈሩን ሰው ሌሊት የሚቀሰቅስ። ባንኩን ብለምን ብለምን «ገንዘቡ የእሱ ነው» አሉኝ።

ቡና_ጠጪ፦ ምን መኪና?

የኔነህ፦ ዶጅ ቻርጀር።

ቡና_ጠጪ፦ ታዲያ ምርጫውማ ተምሯል 😂

ሒሳብ_ሠሪዋ፦ የኔነህ፣ ባንኩ አላጠፋም። እዚያ የገባ ገንዘብ ከመጀመሪያውም የልጁ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ሲከፈት ሌላ ዕድሜ ካልተጻፈ 18 ሲሞላው ይረከባል። 529 ላይ ግን ባለቤቷ አያትየዋ ናት። ልጁ ካልተማረ ስሙን አውጥታ የአክስቱን ልጅ ታስገባለች፣ ቅጣት የለውም። ለትምህርት ላልሆነ ነገር ቢወጣስ? 20 ሺሁ አድጎ 26 ሺህ ሆነ እንበልና ሁሉም ቢወጣ፣ የፌዴራል ግብሩና 10 በመቶ ቅጣቱ የሚያርፈው በ6 ሺሁ ትርፍ ላይ ብቻ ነው፤ ቅጣቱ 600 ዶላር ማለት ነው። ደግሞ የ2025 ዓመታዊ የስጦታ ወሰን ለአንድ ሰው 19 ሺህ ስለሆነ አንዷን ሺህ ለጥር ብታቆያት የስጦታ ግብር ቅጽ ከመሙላት ትድናለች።

ብርሌ፦ 529 ያለው ልጅ ኮሌጅ ሲገባ የመንግሥት እርዳታ ይቀነስበታል፣ ተጠንቀቂ።

ሒሳብ_ሠሪዋ፦ የወላጅ ሲሆን ይቆጠራል። የአያት ከሆነ ግን ከ2024/25 ጀምሮ የእርዳታ ማመልከቻው ፋፍሳ ላይ አይጠየቅም።

ጋሽ_ተፈራ፦ እኔ ቦሌ ያለውን ቤቴን ለልጅ ልጄ በስጦታ ላስተላልፍ ነው። ውክልና ከኤምባሲ ነው የሚሠራው?

ማሙሽ፦ ጋሼ፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ሶስና፦ ሁላችሁም ተዉት፣ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ያለው የእኛ ታክስ ሠሪ ጋ ሂጂ።

ብርሌ፦ ትረስት ይሠራል?

ሶስና፦ አይሠራም፤ ግን ሰውዬው ታማኝ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ 😅 ታዲያ ትረስት ለምን ይጠቅማል? አንዱ ጠበቃ 3 ሺህ ዶላር ጠየቀኝ።

ሒሳብ_ሠሪዋ፦ «ካልተማረ ለእህቴ ልጅ» የሚለው ቃል እሷ ካለፈችም በኋላ እንዲከበር ከፈለገች ነው። 529 ላይ ተተኪ ባለቤት ትጻፋለች። እናታችሁ ስታርፍ ያቺ ተተኪ ስሙን ብትቀይር ወይም ገንዘቡን ብታወጣ የሚከለክላት የለም። ትረስት ላይ ግን ባለአደራው በተጻፈው ቃል ይታሰራል። ለ20 ሺህ ዶላር ሦስት ሺህ መክፈል እኔ አይታየኝም፤ የምታምኑት ተተኪ ከሌለ ግን ሌላ ነው። ማን ትሁን አለች?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እኔና እህቴ የተኳረፍነው በዚሁ ነው።

ሶስና፦ የታክስ ሠሪውን ስልክ በውስጥ ልኬልሻለሁ።