ደም፣ ዘይትና የእስክሪብቶ ቀለም በአንድ ሸሚዝ ላይ፦ በሙቅ ውኃ አጥቤ አባስኩት

ጠያቂ፦ የሦስት ልጆች እናት
ልጄ ነስሮት ነጭ የጥጥ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ደም ፈሰሰበት። ኪሱ ሥር የእስክሪብቶ ቀለም፣ እጅጌው ላይ ደግሞ ዘይት ነበረ። ሁሉንም በአንዴ ያስለቅቅልኛል ብዬ ማሽን ውስጥ በ60 ዲግሪ አጠብኩት። ዘይቱ ፈዘዘ፤ ደሙ ግን ቡናማ ሆኖ ቀረ፤ የእስክሪብቶው ቀለምም እንዳለ ነው። ገና አልተኮስኩትም። ሙቅ ውኃ ለምን አባሰው? አሁንስ ምን ላድርግ?

ባለሸሚዝ
ሙቅ ውኃ የእድፍ ሁሉ ጠላት ነው፤ እኔ ምንጊዜም በቀዝቃዛ ብቻ ነው የማጥበው። ሸሚዙ ነጭ ከሆነ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፊውና ተገላገዪ።

የላውንደሪ ሠራተኛ
እህቴ፣ በረኪናውን ለጊዜው ተዪው። ደም ውስጥ ብረት ስላለ በረኪና ሲነካው ቢጫ ጥላ ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

ሙቅ ውኃ ያባሰው ደሙን ነው። የእንቁላል ነጭ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን አስቢ፤ ፈሳሽ የነበረው ይረጋል፣ ከዚያ በኋላ ውኃ ውስጥ ብትከቺው አይሟሟም። ደምም ፕሮቲን ስለሆነ በሙቀት ይረጋል፤ ልዩነቱ የሚረጋው በክሩ ውስጥ መሆኑ ነው። ትኩስ ደም በቀዝቃዛ ውኃ ከጨርቁ ጀርባ በኩል ቢፈስበት አብዛኛው ወዲያው ይወጣ ነበር።

ዘይት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ሳሙናም በቀላሉ ይይዘዋል። ስለዚህ ባለሸሚዝ ያለው ለደም ልክ ነው፣ ለዘይት ግን አይደለም። የተረፈውን ዘይት ጨርቁ ደረቅ ሳለ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቀቢው፣ አሸት አሸት አድርገሽ 15 ደቂቃ አቆዪው። ውኃ አስቀድሞ ከገባበት ሳሙናው ይቀጥንና ዘይቱን በደንብ አያገኘውም።

የረጋውን ደም ፕሮቲን በሚበላ ነገር ማፍረስ ነው ያለብሽ። ኢንዛይም እንዳለው ማሸጊያው ላይ የተጻፈበት የልብስ ሳሙና ለብ ባለ ውኃ በጥብጠሽ ሸሚዙን ሌሊቱን ዘፍዝፊው። ጠዋት ካልለቀቀ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አንጠብጥቢበት። አረፋው ጥቂት ቢሆን አትደንግጪ፤ ትኩስ ደም ላይ አረፋውን የሚያስነሣው ነገር በሙቀት ይበላሻል።

የእስክሪብቶው ቀለም መጨረሻ ላይ ይሁን። እሱን የሚያሟሟው አልኮል ነው፤ አልኮል ግን ደምን እንደ ሙቀት ያረጋዋል። ደሙ ለቅቆ ሸሚዙ ከደረቀ በኋላ ወፍራም የወረቀት ፎጣ ከሥሩ አንጥፊ፣ አልኮል የነካ ጥጥ ይዘሽ ከጠርዝ ወደ መሐል መታ መታ አድርጊው። ወረቀቱ ቀለም በያዘ ቁጥር ቀይሪው፤ አትፈትጊው። በረኪና ግን በዚያው ጊዜ እንዳይነካው፤ ከአልኮልም ከሆምጣጤም ጋር ሲቀላቀል መርዛማ ነገር ይወጣዋል።

ክረምት
የኢንዛይሙ ሳሙና ነገር አስታወሰኝ። ወይን የፈሰሰበትን የሱፍ ሹራቤን በእሱ ሌሊቱን ዘፍዝፌ ጠዋት ክሩ ሳስቶ አገኘሁት። ወይኑም በደንብ አልለቀቀም። የትኛው ሳሙና ይሻለኝ ነበር?

የላውንደሪ ሠራተኛ
ስለ ወይን ሌላ ጊዜ። ሱፍና ሐር ራሳቸው ፕሮቲን ናቸውና ኢንዛይሙ እድፉን ከጨርቁ አይለይም። ለእነሱ ቀዝቃዛ ውኃና ለሱፍ የተዘጋጀ ሳሙና ይበቃል። ጠያቂዋ ያላት ግን ጥጥ ነው።

የሦስት ልጆች እናት
ሌሊቱን ዘፈዘፍኩት፤ ደሙ ወደ ቀላል ቢጫ ተለወጠ። ፐርኦክሳይዱን ሁለት ጊዜ ካንጠባጠብኩበት በኋላ በፀሐይ ካልተመለከትኩት አይታይም። ዘይቱም ለቀቀ። የእስክሪብቶው ቀለም ግን አልኮሉ ሲነካው ትንሽ ደበዘዘና ቆመ፤ ወረቀቱም ምንም አልያዘም።

ባለሸሚዝ
አልኮሉ ስንት በመቶ ነበር? ውኃ የበዛበት ከሆነ አይሠራም።

የሦስት ልጆች እናት
70 በመቶ ይላል።

የላውንደሪ ሠራተኛ
70 በመቶ በቂ ነው። እስክሪብቶው ጄል ነበር? ጄል ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው በደቃቅ የቀለም ቅንጣቶች ነው፤ አልኮል የሚያሟሟው ነገር የለውም። እንደዚያ ከሆነ የፈሳሽ ሳሙናውን ቀብተሽ በለስላሳ ብሩሽ ደጋግመሽ ሞክሪ፤ ይደበዝዛል እንጂ ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባም። ልጁን ጠይቂውና ንገሪኝ፤ እስከዚያ ካውያ አይንካው።

የሦስት ልጆች እናት
ልጄ እስክሪብቶውን ጥሎታል። ጓደኛው የሰጠው ነው፤ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ አላስተዋለም።