በወር 180 የማሽን ሰዓት ብቻ ካለን የትኛውን ሹራብ እናስቀድም?

ጥያቄ፦ ክርና መርፌ (ደሴ)

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በአንዲት የሹራብ ማሽን እንሠራለን። መብራት የሚጠፋበትና ለጥገና የምትቆምበት ጊዜ ሲቀነስ በወር 180 ሰዓት ታገለግለናለች። የአዋቂ ሹራብ በ900 ብር እንሸጣለን፤ የክር፣ የቁልፍ፣ የሰፊና የማሸጊያ ወጪው 540 ብር ሲሆን ማሽኗን 1 ሰዓት ይይዛል። የተማሪ ሹራብ በ600 ብር ይሸጣል፣ 390 ብር ይወጣበታል፣ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ኮፍያ በ150 ብር ይሸጣል፣ 90 ብር ይወጣበታል፣ 6 ደቂቃ ይወስዳል። በወር 120 የአዋቂ፣ 160 የተማሪ ሹራብና 400 ኮፍያ ገዢ አለን፤ ሁሉንም ለማድረስ ግን 240 ሰዓት ያስፈልጋል። እስካሁን የአዋቂውን እናስቀድማለን፣ በተረፈው ሰዓት የተማሪውን እንሠራለን፣ ኮፍያውን ትተነዋል፤ ሒሳብ የሚይዝልን ልጅ አንዱ ኮፍያ 5 ብር እንደሚያከስር ስላሳየን ነው። አካሄዳችን ልክ ነው?

ነጋዴው (ደሴ)

እህቴ፣ የሚያከስር ዕቃ መተውሽ ተገቢ ነው። ከአንድ የአዋቂ ሹራብ 360 ብር እየተረፈሽ በ60 ብር ኮፍያ መድከም አይገባም። የረሳሽው ነገር ቢኖር የመብራት ሒሳብ ነው፤ ማሽኗ በሠራችበት ሰዓት ልክ የምትበላውን መብራት በየዕቃው ላይ ጨምሪበት፤ ያን ጊዜ ደረጃው ሊለወጥ ይችላል።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

ከሁሉ በፊት 5 ብሩ ከየት እንደመጣ ይንገሩን። እርስዎ በጻፉት መሠረት ኮፍያው 60 ብር ያተርፋል እንጂ አያከስርም። ልጁ የቤት ኪራዩንና ደመወዙን ለየዕቃው እኩል አካፍሎ ይሆን?

ክርና መርፌ

አዎ፣ እንደዚያ ነው ያደረገው። ኪራይ፣ የጥበቃና የማሽን ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የብድር ወለድ ተደምሮ በወር 44,200 ብር ነው፤ ይህን ለ680 ዕቃ አካፍሎ በእያንዳንዱ ላይ 65 ብር ጫነበት።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

እንግዲያው ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። 44,200 ብሩ ኮፍያ ቢሠራም ባይሠራም የሚከፈል ነው፤ ኮፍያውን በመተውዎ ባለቤቱ ኪራይ አልቀነሰልዎትም። ስለዚህ የትኛው ዕቃ ይቅደም ለሚለው ውሳኔ ይህ ገንዘብ ከሒሳቡ መውጣት አለበት። ለዋጋ ትመና ሲሆን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልጁንም አይቆጡት፣ ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

እርስዎ የጎደለዎት ገዢ ሳይሆን የማሽን ሰዓት ስለሆነ፣ መጠየቅ ያለበት አንዱ ዕቃ ስንት ብር አተረፈ ሳይሆን ማሽኗ አንድ ሰዓት ስትሠራለት ስንት ብር አስገባ የሚለው ነው። የአዋቂው ሹራብ በሰዓት 360 ብር ያስገባል። የተማሪው ከአንዱ 210 ብር ብቻ ቢያተርፍም በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ስለሚወጣ 420 ብር ይሆናል። ኮፍያው በሰዓት አሥር ስለሚወጣ 600 ብር ያስገባል። ደረጃው ከእርስዎ አሠራር ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው።

አሁን በሚሠሩበት መንገድ 120 የአዋቂ ሹራብ 43,200 ብር፣ በቀሪው 60 ሰዓት የሚወጣው 120 የተማሪ ሹራብ ደግሞ 25,200 ብር ያስገኛል፤ ድምሩ 68,400 ብር ነው። በ400 ኮፍያ ጀምረው፣ 160 የተማሪ ሹራብ አስከትለው፣ በተረፈው 60 ሰዓት 60 የአዋቂ ሹራብ ቢሠሩ ግን 24,000፣ 33,600 እና 21,600 ብር፣ በድምሩ 79,200 ብር ያገኛሉ። ኪራዩና ደመወዙ በሁለቱም በኩል ያው ስለሆነ የ10,800 ብሩ ልዩነት በሙሉ የእርስዎ ነው።

ነጋዴው ወንድማችን ስለ መብራት ያነሡት ግማሹ እውነት ነው፤ በሒሳቡ መግባት አለበት። ሆኖም ማሽኗ የትኛውንም ስትሠራ በሰዓት ተቀራራቢ መብራት የምትበላ ከሆነ ከሦስቱም ላይ በሰዓት እኩል ብር ይቀነሳል፤ ትርፉ ያንሳል እንጂ ቅደም ተከተሉ አይነካም።

ቅርጽ ለዋጩ (ኮምቦልቻ)

እኔ የምሠራው ፕላስቲክ ላይ ነው፤ የሹራብን ነገር አላውቅም። በእኛ ቤት ግን ይኸው ስሌት ተሠርቶ ትንንሽ ክዳኖች በሰዓት ብዙ ያስገባሉ ተብሎ ሥራው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ፤ በወሩ መጨረሻ የተገኘው ብር ከቀድሞው አነሰ። ምክንያቱን ስንፈልግ አንዱን ቅርጽ አውርደን ሌላውን እስክናስር ማሽኑ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚቆም ማንም አልቆጠረውም ነበር። የእርስዎ 6 ደቂቃ ኮፍያው ሲሠራ ብቻ ነው ወይስ ቀለም የሚለወጥበትም አለበት?

ክርና መርፌ

ሲሠራ ብቻ ነው። ክሩን ቀይረን፣ መርፌውን አስተካክለን፣ የመጀመሪያውን አበላሽተን እስክንጀምር ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ነጋዴዎች ኮፍያ የሚያዝዙት አሥር አሥር በየቀለሙ ነው። ሹራቦቹ በአንድ ቀለም ለሳምንታት ስለሚሠሩ ለእነሱ ይህን ያህል አይጎዳንም።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። 400 ኮፍያ አሥር አሥር እየሆነ ከተሠራ 40 ጊዜ ይቀየራል፤ ይህም 20 ሰዓት ነው። የኮፍያው ድርሻ ከ40 ወደ 60 ሰዓት ሲያድግ በሰዓት የሚያስገባው ወደ 400 ብር ይወርድና ከተማሪው ሹራብ በታች ይሆናል። ትእዛዞቹን አጠራቅመው ሃያ ሃያ አድርገው ቢሠሩት ግን 50 ሰዓት ይበቃል፤ በሰዓት 480 ብር ስለሚደርስ አንደኛነቱን አይለቅም። በግምት በወር ከ34 ጊዜ በላይ ከተቀየረ የተማሪው ይቅደም። ሃያ ሃያ ሲሆን የአዋቂው ድርሻ ወደ 50 ይቀንሳል፣ አጠቃላዩም 75,600 ብር ይሆናል፤ ከቀድሞው አሁንም 7,200 ብር ይበልጣል።

ክርና መርፌ

አንድ ችግር አለ። መርካቶ ላለ ደንበኛ በየወሩ 90 የአዋቂ ሹራብ ለመስጠት ቃል ገብተናል።

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

ቃል ከገቡ 90ው በቅድሚያ ይቀመጥና ደረጃው በቀሪው 90 ሰዓት ላይ ይሠራል፤ ኮፍያው 50፣ የተማሪው 40 ሰዓት ይወስዳል። ድምሩ 73,200 ብር ነው። ደንበኛውን ለማቆየት በወር 2,400 ብር እየከፈሉ ነው ማለት ነው፤ ውድ ነው አልልም፣ ግን ዋጋውን ዐውቀውት ይቆይ። ውሉ ሲታደስ በአንዱ ሹራብ ላይ 60 ብር ቢጨምርልዎ ከተማሪው እኩል ይሆናል።

ነጋዴው (ደሴ)

ይህ ሁሉ ከሚሆን ሠራተኛዋ ለምን ትርፍ ሰዓት አትሠራም?

የወጪ ሒሳብ ሠራተኛ (ኮምቦልቻ)

ይህ ሐሳብ ጥሩ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት አያልፍም። አሁን ገዢ እያለው የሚቀረው የተማሪው ሹራብ ስለሆነ የምትጨምረው ሰዓት 420 ብር ያስገባል፤ ክፍያዋና መብራቱ ከዚያ በታች እስከሆነ ድረስ ያዋጣል። ነገር ግን የማሽኗን ሰዓት ከማስረዘምዎ በፊት ከሰፊዎቹ ፊት ያለውን ክምር ይዩልኝ። የተሠራ ጀርባና እጅጌ እዚያ እየተጠራቀመ ከሆነ የጎደለዎት የማሽን ሰዓት ሳይሆን የሰፊ ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ደረጃ በሰፊ ሰዓት እንደገና መሠራት አለበት።

ክርና መርፌ

ዛሬ ማታ ቆጠርኩት፤ ሳይገጣጠም የተቀመጠ የ70 ሹራብ አካል አለ። ሰፊዋ ሁለት ቀን ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ይሁን ወይስ ሁልጊዜ እንዲህ ይሁን አላስተዋልኩም። እስከ ቅዳሜ በየማታው እየቆጠርኩ እጽፋለሁ።