የጋራ የሪኮል ልምምድ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊዋ
ረቂቁ ተያይዟል። 14 አባላት በአንድ ቀን አብረን የሪኮል፣ ማለትም ችግር ያለበትን እቃ ከገበያ የመሰብሰብ ልምምድ እናደርጋለን። አሠልጣኙንና ቅጾቹን በጋራ እንከፍላለን። ጠቅላላው 84 ሺህ ብር ነው፤ በነፍስ ወከፍ 6 ሺህ ይደርሳል። ግማሹን ፕሮጀክቱ ይሸፍናል ተብሏል፤ ዓርብ ካላስገባን ግን የለም። ባለፈው ኦዲት አራታችን ምን እንደተጻፈብን ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። አንድ ባች፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የተመረተ እቃ ይመረጣል፣ ከማን እንደገዛንና ለማን እንደሸጥን ከወረቀት ላይ ይወጣል። ከዚያ ስልክ ይደወላል።

ኮተቤ ባልትና
6 ሺህ ለዚህ? እኔ ያልተሸጠውን ድሮም ከየሱቁ እሰበስባለሁ። ባለፈው ወር ብቻ 40 ፓኬት ሽሮ መልሻለሁ። ይሄ ሪኮል ካልሆነ ምንድን ነው?

ኳሊቲዋ
እትዬ፣ እሱ ተመላሽ ነው። ሱቁ አልሸጥ ሲለው ራሱ ይጠራሻል። ሪኮል ማለት እቃው ጥሩ እየተሸጠ፣ ማንም ሳያማርር፣ አንቺ ችግር እንዳለበት ስላወቅሽ "አውርዱት" ስትይ ነው። ለዚያ ደግሞ የትኛው ፓኬት የት እንዳለ ማወቅ አለብሽ። ባለፈው ኦዲት የወደቅነው እዚያ ላይ ነው።

የገርጂው ወፍጮ
እኔ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ግን አንድ ቀን አይበቃም። በርበሬው ከማረቆም ከአላባም ይመጣል። ገበሬው ጋ ድረስ ሄደን እርሻውን ካላየን ኦዲተሩ አይቀበልም። ለትራንስፖርት ሌላ 30 ሺህ ይጨመር።

ኳሊቲዋ
ጋሼ፣ ገበሬው ጋ መሄድ የአንተ ግዴታ አይደለም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ለአንተ የሸጠልህ ሰው ማለት ነው። መርካቶ ከነጋዴ ከገዛህ ነጋዴው፣ ቀኑ፣ ኪሎው፣ ማዳበሪያው ላይ ያለው ምልክት። ከሱ በኋላ ያለው የሱ ሥራ ነው። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የምግብ ሕግ የሚለው ይሄንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የራሱን አንድ አንድ እርምጃ ይያዝ ነው።
ችግሩ ሌላ ነው። ነጋዴው የአምስት ሰው በርበሬ አንድ ላይ ደባልቆ ከሸጠልህ ገመዱ እሱ ጋ ይበጠሳል። ያኔ የአንተ ወረቀት ንጹሕ ቢሆንም የሚሰበሰበው እቃ ይበዛል።

ሰሚት ቅመም
ኳሊቲ፣ እናንተ ጋ ባለፈው የሞከራችሁትን ጻፊላቸው። እኔ ስሰማው ነው የገባኝ።

ኳሊቲዋ
እሺ። ባች 46 በርበሬ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የድርጅታችን ባለቤት መጥታ "በዚህ ባች ውስጥ የገባው ኮረሪማ ችግር አለበት እንበል" አለችና ሰዓት ያዘች። ማንም አልተነገረውም ነበር።
ወደ ኋላ ያለው በርበሬው ላይ ቀላል ነበር፤ ደረሰኝም ነበረው፣ የገባና የወጣ የሚጻፍበት ቢን ካርድም ነበረው። 380 ኪሎ ደረቅ በርበሬ ወጥቷል፤ ተቀንጥሶና ተለቅሞ 322 ቀርቷል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቅመሙና ጨው ደርቆ ሲመዘን 98 ኪሎ። አንድ ላይ 420 ነው። ወፍጮው 8 በልቷል፣ 412 ወጣ። እስካሁን ጥሩ ነው።
ኮረሪማው ላይ ቆምን። አንድ ማዳበሪያ ከፍተን ከባች 41 ጀምሮ ስንጠቀምበት ነበር፤ የተከፈተበትን ቀን የጻፈ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ስለ አንድ ባች መሆኑ ቀረ፤ ስድስት ባች ሆነ። ጨው ቢሆን ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ በሁሉም ውስጥ አለ።
ወደ ፊት ስንመጣ፦ ሱፐርማርኬት 150፣ አከፋፋይ 90፣ ለዲሲ 100፣ መጋዘን ውስጥ 38፣ ናሙና 2። ደምሩት፣ 380 ነው። 32 ኪሎ የለም።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግን። በመጨረሻ በር ላይ የምትሸጠዋ ልጅ መጣች። 24 ኪሎውን ለሰፈር ሰው በኪሎ መዝና ሸጣዋለች፤ ብሩ ገብቷል፣ ባቹ ግን አልተጻፈም። የቀረው 8 ኪሎ ከረጢት ስላልሞላ ከባች 47 ጋር ተደባልቋል። እንግዲህ ችግሩ የእውነት ቢሆን ኖሮ 47ም መሰብሰብ ነበረበት፤ ወረቀቱ ላይ ግን 47 የሚባል ነገር የለም።
ሲያልቅ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀ ማለት ነው። ቢአርሲ የሚባለው የምግብ ደኅንነት መስፈርት የሚሰጠው አራት ሰዓት ነው። ሌላው መስፈርት፣ አይኤስኦ 22000፣ ሰዓት አይቆርጥም፤ ኦዲተሩ ግን ሰዓቱን ያያል።

ኮተቤ ባልትና
በር ላይ የተሸጠውንም ማን ገዛ ብለን ልንጽፍ ነው? የሰፈር ሰው ስሙን ሊሰጠኝ?

ኳሊቲዋ
ስም አያስፈልግም። ወደ ፊት ያለው እርምጃ በላተኛው ጋ አይደርስም። ግን ከየትኛው ባች ስንት ኪሎ በር ላይ እንደወጣ በቀን አንድ መስመር ጻፊ። ያለዚያ ሂሳቡ አይዘጋም። ካልተዘጋ ደግሞ የጎደለው ተሰርቆ ይሁን፣ ተሽጦ ይሁን፣ ሌላ ባች ውስጥ ገብቶ ይሁን መለየት አትችዪም።

የገርጂው ወፍጮ
ይሄ ሁሉ ጥሩ። ግን ረቂቁ ገጽ 2 ላይ "የባች ቁጥር በፈረንጅ ቀን ይሆናል" ይላል። ማን ወሰነ? የሀገራችን ቀን ምን ጎደለው? እኔ 19 ዓመት ስሠራ በሀበሻ ቀን ነው። ይሄ ካልወጣ አልፈርምም።

ጸሐፊዋ
ጋሼ፣ የቅጹ ምሳሌ ነው እንጂ ማንም አልወሰነም።

የገርጂው ወፍጮ
ምሳሌ ከሆነ ለምን ተጻፈ? ዛሬ ምሳሌ፣ ነገ ግዴታ።

ሰሚት ቅመም
እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ሠራተኞቼ ፈረንጅ ቀን ሲጽፉ ይሳሳታሉ። ወፍጮ ላይ ያለው ልጅ ስንት ቀን እንደሆነ መጠየቅ የለበትም።

ዲሲ ያለሁት
እኔ እዚህ የምቀበላችሁ ነኝ፣ አንድ ነገር ልናገር። በሕዳር 5 የተፈጨ በርበሬ 05/03/17 ተብሎ መጣልኝ። እዚህ ያለችው የመጋዘን ኃላፊ ሜይ 3፣ 2017 ብላ አነበበችው፤ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈበት ነው ብላ ለብቻው አስቀመጠችው። ኖቬምበር 14፣ 2024 ማለት እንደሆነ እስካስረዳ ሦስት ቀን ሄደ። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው የአሜሪካ ሕግ ወዲህ ከማን እንደተቀበልኩና ለማን እንደሰጠሁ ሲጠይቁኝ በ24 ሰዓት ውስጥ ማቅረብ አለብኝ። ሦስት ቀን የለኝም።

የገርጂው ወፍጮ
እኔ ዲሲ አልልክም። አንተ ስለተቸገርክ የኮተቤ ሱቅ ፈረንጅ ቀን ያንብብ?

ዲሲ ያለሁት
ጋሼ፣ 100 ኪሎ ቀላል አይደለም። የምትሸጡበትን በር አትዝጉ።

ኮተቤ ባልትና
ለመሆኑ ጳጉሜ ላይስ? እኔ ጳጉሜ 3 የፈጨሁትን ልጄ ኮምፒውተር ላይ ስትጽፈው 13ኛ ወር አልቀበልም አላት። መስከረም 1 ብላ ጻፈችው። እሱም ስህተት ነው አሉኝ።

ሰሚት ቅመም
ሁለቱንም ብንጽፍስ?

የገርጂው ወፍጮ
በዚህች ትንሽ ስቲከር ላይ? የት?

ኳሊቲዋ
እባካችሁ። የባች ቁጥር ቀን መሆን የለበትም! 46፣ 47፣ 48 ብላችሁ በተራ ቁጠሩ። ቁጥሩ እንዳይደገምና ከመዝገቡ ጋር እንዲገጥም ብቻ ነው የሚፈለገው። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ለብቻው ይጻፍ፤ ወሩን በፊደል፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ። አለቀ። ሠላሳ መልእክት ጻፍንበት እኮ።

የገርጂው ወፍጮ
አለቀ የምትዪው አንቺ ማን ነሽ? አባል እንኳ አይደለሽም፣ ተቀጣሪ ነሽ።

ሰሚት ቅመም
ጋሼ ይሄ አግባብ አይደለም። ስድስት ሰዓት ተኩል የፈጀባቸውን ደብቃ መቅረት ትችል ነበር። ለሁላችን ነው የጻፈችው።

የገርጂው ወፍጮ
...እሺ። ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ ልጄ። ተራ ቁጥር ከሆነ እቀበላለሁ። ግን በእጅ አይጻፍ፤ እስክሪቢቶ ፕላስቲክ ላይ ይለቃል። ማተሚያ ይገዛ።

ኮተቤ ባልትና
ማተሚያው ላይ እኔም እስማማለሁ። 6 ሺህ ከከፈልኩ በእጄ የምይዘው ነገር ይሁን።

ጸሐፊዋ
ዋጋ ማን ይጠይቃል? የልምምዱንስ ቀን የሚያስተባብር?

ሰሚት ቅመም
ዋጋ እኔ እጠይቃለሁ።

መገናኛ ሽሮ
ልምምዱን እኔ አስተባብራለሁ። የደንበኞችን ስልክ ዛሬ ማታ እሰበስባለሁ።

ኳሊቲዋ
መገናኛ፣ አንድ ነገር አደራ። ስትደውሉም ስትጽፉም የመጀመሪያው ቃል "ይህ ልምምድ ነው" ይሁን። እኛ መጨረሻ ላይ ጽፈነው አንድ ሱቅ ሳያነበው በርበሬያችንን በሙሉ ከመደርደሪያ አውርዶ ለጎረቤት ሱቅ ነገረ። ሳምንት አልሸጠልንም። ደግሞ ቅዳሜ ማታ ሞክሩት። በሥራ ሰዓት ሁሉም ስልክ ያነሳል። እኛ ከያዝናቸው 11 ቁጥሮች ሦስቱ የለቀቁ ሠራተኞች ነበሩ።

ጸሐፊዋ (ረቡዕ)
መገናኛ፣ ስልኮቹ?

ጸሐፊዋ (ሐሙስ)
መገናኛ? ደወልኩ፣ አይነሳም።

ሰሚት ቅመም
የማተሚያውን ዋጋ አምጥቻለሁ፤ ከስቲከር ጥቅሉ ጋር 84 ሺውን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ለአሠልጣኝ የሚተርፍ የለም። ማተሚያው አንድ ነው፤ ማን ጋ ይቀመጣል?

የገርጂው ወፍጮ
እኔ ጋ። ወፍጮው መሃል ላይ ነው፣ ዘበኛም አለኝ።

ኮተቤ ባልትና
እና እኔ በተፈጨ ቁጥር ገርጂ ልመላለስ?

ኳሊቲዋ
አንድ ማተሚያ ለ14 ሰው ከሆነ ስቲከሩ አስቀድሞ በብዛት ይታተማል። የባች 50 ስቲከር ተርፎ ባች 51 ላይ ይለጠፋል። ያኔ ቁጥሩ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ የተሳሳተ ቁጥር ሰው ያምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ሱዳን 1 የሚባል ቀለም የገባበት አንድ የቃሪያ ዱቄት ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶችን ከገበያ አስወርዷል፤ አንዱ ለአንዱ እየሸጠ፣ ሶስ ሆኖ፣ ሶሱ ደግሞ ሌላ ምግብ ውስጥ ገብቶ። ያንን የተከታተሉት እያንዳንዱ ገዝቶ የጨመረበትን እየጻፈ ስለነበር ነው። ለኛ ቢን ካርድና የበር መዝገብ ይቅደም። ሁለቱም ብዙ ብር አይፈልጉም።

ጸሐፊዋ
ገባኝ፣ ግን ለፕሮጀክቱ ደብተር ግዙልን ብዬ ባስገባ አያዩትም። ማተሚያ ያያሉ። ስለዚህ እንዲህ አስተካክያለሁ፦ ርዕሱ "የባች መለያ ማተሚያ ግዢ" ሆኗል። ልምምዱ በአባሪ ውስጥ "በሁለተኛው ዙር" ይላል። ዘጠኝ ሰው ፈርሟል። የቀራችሁ እስከ ነገ 6 ሰዓት።

የገርጂው ወፍጮ
ፈርሜያለሁ።

ዲሲ ያለሁት
ሁለተኛው ዙር መቼ ነው? ከፋሲካ በፊት ጭነት አለኝ።

ኳሊቲዋ
ቀን አልተቆረጠለትም። እኔ ቅዳሜ ማታ በራሳችን ባች 47 ላይ እደግመዋለሁ። ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ሰዓት ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል።

ሰሚት ቅመም
ስንት ሰዓት ልምጣ?