ተማሪዎቼ የጓደኛቸውን ሥራ ሲያዩ «ጎበዝ፣ በርታ» ብቻ ይጽፋሉ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህርት

ሰላም መምህራን። 52 ተማሪዎች አሉኝ። የሙከራ ዘገባ ከጻፉ በኋላ ደብተር ተለዋውጠው አስተያየት እንዲሰጣጡ አደርጋለሁ። የሚጽፉት ግን «ጎበዝ ነህ»፣ «አስተካክዪ»፣ «በርታ» ነው። ማርክ ስጡ ስላቸው ለጓደኛ 10 ከ10፣ ለተጣሉት 4 ይሰጣሉ። አምስት መስፈርት ያለው ቼክሊስትም አዘጋጅቼ ነበር። በራሳቸው ሥራ ላይ ሁሉም አምስቱንም ራይት አድርገው መለሱልኝ። የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ የ4ኛ ክፍል መምህር

እህቴ፣ እኔም ጋ እንደዚሁ ነበር። የረዳኝ የመነሻ ሐረግ ነው። ሰሌዳው ላይ «የወደድኩት … ነው፤ ምክንያቱም …» እና «… ብትጨምርበት ይሻላል» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ባዶውን ቦታ መሙላት ግዴታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ «በርታ» ብሎ የሚያልፍ የለም። ነገውኑ ሞክሪው።

መልስ፦ የቋንቋ መምህር፣ አሁን መምህራንን የማሠለጥን

የመነሻ ሐረጉ ይጠቅማል፤ ግን ብቻውን ከሆነ ብዙም አይሄድም። እኔ ክፍል ውስጥ ይዤው ስገባ ያገኘሁት «የወደድኩት ጽሑፍህን ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ነው» የሚል ነበር። ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ሞልቷል፤ ያየው ነገር ግን የለም። ችግሩ የሚጽፉት ቃል ማጣታቸው አይደለም። ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል ዓይናቸው ገና አልለመደም። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይናቸውን ነው የምናሠለጥነው።

ከሁሉ በፊት ማርኩን ያስቀሩት። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች ሥራቸው ተሻሽሏል። አስተያየትና ማርክ አብረው የተሰጣቸው ግን እንደዚያ አልሆኑም። ጥናቱ የተሠራው መምህር በሚሰጠው ዓይነት ግብረ መልስ ላይ ነው። በልጆች መካከል ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ወዳጅነትና ቂም መለኪያ ይሆናል። እርስዎም አይተውታል።

ቀጥሎ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደብተር አያለዋውጧቸው። የማንም ተማሪ ያልሆነ ሥራ ራስዎ ጽፈው ያምጡ። የሚተቸው ልጅ እዚያ ስለሌለ የሚቀየም የለም፤ እውነቱን ይናገራሉ። የእርስዎ ትምህርት ሳይንስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ልጻፍልዎ። ሙከራው ሁለት እርጥብ ጨርቆችን አንዱን ፀሐይ ላይ፣ አንዱን ጥላ ውስጥ ማስጣት ነው።

ጽሑፍ ሀ፦ «ፀሐይ ላይ ያለው ጨርቅ ቶሎ ደረቀ። ጥላ ውስጥ ያለው ቶሎ አልደረቀም። ምክንያቱም ፀሐይ ውሃን ታደርቃለች።»

ጽሑፍ ለ፦ «ሁለቱም ጨርቆች ሲጀምሩ 40 ግራም ነበሩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ ፀሐይ ላይ ያለው 22 ግራም፣ ጥላ ውስጥ ያለው 33 ግራም ሆነ። ፀሐይ ላይ ያለው 18 ግራም ውሃ ሲያጣ የጥላው ያጣው 7 ግራም ብቻ ነው። ሙቀቱ የውሃው ሞለኪውሎች ፈጥነው እንዲንቀሳቀሱና ከጨርቁ ወደ አየር እንዲወጡ ስላደረጋቸው ነው።»

ሁለቱንም በአንድ የእጅ ጽሑፍ ይጻፏቸው፤ የፊደል ስሕተትም አይኑርባቸው። አለበለዚያ ስለ ሐሳቡ ማንም አያወራም፤ ሁሉም ስለ ጽሕፈቱ ነው የሚያወራው። ከዚያ «የትኛው ነው ያሳመናችሁ? የቱ መስመር ላይ?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ልጅ «ለ ይሻላል፤ ረዥም ነው» ማለቱ አይቀርም። እኔ ይህን ስለማውቅ ሦስተኛ ጽሑፍ በኪሴ እይዛለሁ፦ ከለ የሚረዝም፣ ግን አንድም ቁጥር የሌለው። እሱን ሳወጣ ክፍሉ ዝም ይላል። ቆይቶ አንዷ «ይሄኛው ምን ያህል እንደደረቀ አይናገርም» ትላለች። መስፈርታችሁ ያ ነው። በእሷ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፦ «የለካነውን ቁጥር ጽፏል ወይ?» ለመጀመሪያው ጊዜ ይኸው አንዱ ይበቃል። አምስት መስፈርት በአንዴ የተሰጠው ልጅ አምስቱንም ራይት አድርጎ ይገላገላል።

አሁን ልጆቹ ስለ ሀ አስተያየት ይጻፉ። የምጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው፦ አስተያየቱን ያነበበው ልጅ እርሳሱን የት እንደሚያሳርፍና ምን እንደሚጽፍ ያውቃል? «ማብራሪያህን አሻሽል» ቢባል እርሳሱ አየር ላይ ይቀራል። «ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ‹ቶሎ አልደረቀም› ይላል። ሰንጠረዥህ ላይ 33 ግራም የሚል አለ። እዚህ አስገባው» ቢባል ግን ወዲያው ይጽፋል። ልጆቹ ይህን መፈተኛ ቶሎ ይይዙታል። እርስ በርስም «እርሳሴን የት ላድርግ?» መባባል ይጀምራሉ።

ከሳምንት በኋላ ደብተር ይለዋወጡ። አስተያየት ሰጪው መጀመሪያ አንድ መስመር ያሰምራል፤ አስተያየቱን የሚጽፈው ስላሰመረበት ነገር ብቻ ነው። 8 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ደብተሩ ለባለቤቱ ይመለስና እዚያው ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ተሰጥቶት ያሻሽላል። ይቺን 10 ደቂቃ ብዙዎቻችን እናስቀራታለን። ማንም የማይጠቀምበት አስተያየት ግን በሦስተኛው ጊዜ ተመልሶ «በርታ» ነው የሚሆነው።

መልስ፦ የ11ኛ ክፍል መምህር

እኔ ጋ የሚሠራው የቡድን ሥራ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በሚስጥር ወረቀት ለቡድኑ አባላት 100 ነጥብ ያከፋፍላል። ያልሠራ ሰው ወዲያው ይታወቃል። የእኔም እርማት ቀሎልኛል። ማርክ አስቀሩ የሚለው ላይ አልስማማም፤ ማርክ ከሌለ ማን ይሠራል?

ጠያቂዋ

አመሰግናለሁ መምህር፤ የእርስዎ ግን ማን ስንት ሠራ የሚለውን ለመለየት ነው። እኔ የቸገረኝ ዘገባው እንዴት እንደሚሻሻል መነጋገር አለመቻላቸው ነው። እርማት ለማቅለልም አይደለም።

አሠልጣኙን አንድ ነገር ልጠይቅ። ደከም ያለ ተማሪ የተሳሳተ ነገር ቢጽፍስ? ባለፈው አንዱ ለጓደኛው «ሞለኪውሎቹ በሙቀት ይተልቃሉ ብለህ ጨምር» ብሎ ጽፎ፣ ልጁም ደብተሩ ላይ ጨመረው።

መልስ፦ አሠልጣኙ

ይህ እኔንም ያስጨንቀኝ ነበር። ሁለት ነገር አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ለልጆች የምሰጠው መስፈርት ገጹን በማየት ብቻ የሚረጋገጥ ነው። ቁጥር አለ ወይ? የተለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ተጽፏል ወይ? «ምክንያቱም» ከሚለው ቃል በኋላ አዲስ ሐሳብ መጥቷል ወይስ የመጀመሪያው ተደግሟል? እነዚህን ደከም ያለውም ልጅ ያያል። ሳይንሱ ትክክል ነው ወይ የሚለውን ግን የማየው እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ተቀባዩ አስተያየቱን ያለመቀበል መብት አለው፤ ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት ያደርጋሉ። እኔ በክፍሉ ስዞር የምቆመው ምልክቱ ያለበት ጋ ነው። 52 ደብተር አላይም፤ ስድስት ሰባቱን አያለሁ። ያ ስለ ሞለኪውል የተጻፈው ነገር ለክፍሉ በሙሉ ጥሩ መነጋገሪያ ይወጣዋል፤ የጻፈውን ልጅ ስም ሳይጠሩ ሰሌዳው ላይ ያውጡት። የሚፈጥነው የሞለኪውሎቹ እንቅስቃሴ እንጂ መጠናቸው እንደማይጨምር ያኔ ይገባቸዋል።

መልስ፦ የሒሳብ መምህርት

ስለ ግለ ምዘናው ማንም አላነሳም። ራይት ማድረጉን ተዪው። እኔ ያስተውኩት በቀለም እርሳስ ነው። «ምክንያቱን ጽፌያለሁ» ያለ ልጅ ምክንያቱን በአረንጓዴ ያሰምራል፤ ቁጥሩን በሰማያዊ። የሚያሰምረው ከጠፋው ሥራው ውስጥ የለም ማለት ነው፤ እኔ ሳልነግረው ራሱ ያየዋል። መጀመሪያ ቀን አንድ ተማሪዬ አረንጓዴውን ይዞ ገጹን ሦስት ጊዜ ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ ምንም ሳይለኝ ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ።

በቅደም ተከተሉ ግን ከአሠልጣኙ እለያለሁ። እኔ ከራሳቸው ነው የምጀምረው። ሒሳብ ላይ ልጁ የተጠራጠረበትን ደረጃ ኮከብ አድርጎ ያስረክባል። ጓደኛው የሚያየው ኮከቡን ነው። ባለቤቱ ራሱ ስለጠየቀ የሚቀየም የለም።

መልስ፦ አሠልጣኙ

የኮከቡን ነገር ወድጄዋለሁ፤ እወስደዋለሁ። እኔ ከሌላ ሰው ሥራ የምጀምረው፣ ሰው በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ሊል የፈለገውን እንጂ የጻፈውን ስለማያነብ ነው። የሌላው ላይ ክፍተቱ ቶሎ ይታየዋል፤ በኋላ ያንኑ ዓይን ይዞ ወደ ራሱ ይመለሳል። ሒሳብ ላይ ልጁ የተጣበቀበትን ስለሚያውቀው የእርስዎ መንገድ ሊሻል ይችላል። ድርሰትና ዘገባ ላይ ግን ገና አላመንኩም።

ጠያቂዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሼ መጥቻለሁ። ጽሑፍ ሀንና ለን እንዳሉ ወሰድኳቸው። «ረዥም ስለሆነ» የሚለው በመጀመሪያው ደቂቃ መጣ። ሦስተኛውን ሳወጣ ግን ዝምታው ከጠበቅኩት በላይ ቆየ፤ ልናገርላቸው ስል ራሴን ያዝኩ። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ፣ እጅ የማታወጣ ልጅ ናት «ስንት ግራም እንደሆነ የታለ?» ያለችው።

መጀመሪያ ደብተር የተለዋወጡ ቀን አብዛኛው አስተያየት አሁንም ባዶ ነበር። ሦስቱን ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «እርሳሱ የት ያርፋል?» ብለን አስተካከልናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት «ሦስተኛው መስመር ላይ ‹ብዙ ውሃ› ብለሻል፤ ስንት ግራም?» የሚል አነበብኩ። አሁን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አስምረው ይጽፋሉ። 10 ደቂቃዋ ግን ፔሬዱን ታስጨርሰኛለች፤ ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ዘገባ ላይ ብቻ ነው የማደርገው።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ክፍሉ ውስጥ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ሥራ የደረሳቸው ምንም ለማሰመር አይደፍሩም። ዘገባውም እኮ ጉድለት ነበረበት።

መልስ፦ የሒሳብ መምህርት

ጉድለት ፈልጉ ከምትያቸው ጥያቄ አስጽፊያቸው፦ «ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው?» ዓይነት። ጥያቄ ለመጻፍ ብዙ ድፍረት አይጠይቅም። ሌላው፣ የእኔ ክፍል አንደኛ ኮከብ ካላደረገ ሥራውን አልቀበለውም። እሱም የሚጠራጠርበት ቦታ እንዳለው ሌሎቹ ሲያዩ ትንሽ ደፍረዋል። ሁሉም ግን አይደሉም።

መልስ፦ የ4ኛ ክፍል መምህር

እርሳሱ የት ያርፋል የሚለውን ዛሬ ልጆቼ ላይ ሞከርኩት። የመነሻ ሐረጎቼን አልተውኳቸውም፤ መጀመሪያ አስምረው ከዚያ እንዲሞሉ አደረግኩ። «የወደድኩት ጽሑፍህን ነው» የሚለው እኔም ጋ እንደነበረ ያየሁት የድሮ ወረቀቶቻቸውን መልሼ ሳነብ ነው።