«ጾሙ እንዳይከብድዎ!»፦ የሁዳዴ ማስታወቂያ ክርክር

ዓርብ ረቡዕ
ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከአንድ ምግብ ቤት በስልኬ የገባ መልእክት ነው፦ «ጾሙ እንዳይከብድዎ! ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና በያይነቱ እስኪጠግቡ፣ 30 በመቶ ቅናሽ።» አንብቤ ተናደድኩ። እናንተ ምግብ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ በሁዳዴ ደንበኛ ስትጠሩ እንዲህ ነው የምትጽፉት?

ምጣዱ
ምኑ ነው ያናደደህ? ሁዳዴ ሲገባ ክትፎና ጥብስ ይቆማል፤ ኪራይና ደመወዝ ግን አይጾምም። 55 ቀን በሽሮና በምስር ቤት ማቆም ቀላል አይደለም። «ቅናሽ» ያላለ ቤት ደግሞ ባዶውን ይውላል። «እስኪጠግቡ» ማለትም የእንግዳ አክባሪ ቃል ነው፤ እናቶቻችን «ብሉልኝ፣ ጠግባችሁ ብሉ» አይደል የሚሉት?

የሰሌዳ ጸሐፊ
እናት የምትለው ማዕድ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ይህ የተላከው ገና ምንም ላልቀመሰ ሰው ነው። እኔን ግን ከ«እስኪጠግቡ» በላይ የከበደኝ «እንዳይከብድዎ» ነው። ጾሙን ሰውዬው ወዶና ፈቅዶ ነው የያዘው። እናንተ እንደ ጉንፋን ልታስታግሡለት ተነሣችሁ። ጾመኛ ሲያነበው «ይህ ቤት እኔን አያውቀኝም» ይላል፣ ቅናሹን እስከ መጨረሻው አያነበውም።

ሰዓቱም ተሳስቷል። ሰኞ እስከ ዓርብ አጥብቆ የሚጾመው ሰው እስከ 9 ሰዓት ይቆያል፤ ቅዳሴውም የሚያልቀው ወደዚያው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የምግብ መልእክት መላክ ለእሱ ፈተና ነው፣ ለእናንተም የባከነ ብር ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ድረስ መልእክቱ ከሌላው መቶ መልእክት ስር ተቀብሯል። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ላኩ።

ምጣዱ
«ወዶና ፈቅዶ» አልከኝ። ወዶ የያዘም ሰው ይርበዋል እኮ! ረሃቡን አውቄለት ብጽፍ ምኑ ነው ንቀት? በዚያ ላይ ግማሹ ደንበኛዬ 9 ሰዓት አይጠብቅም፣ ምሳውን 6 ሰዓት ተኩል ነው የሚበላው።

የሰሌዳ ጸሐፊ
እሱም ይብላ፣ ቤትህ ክፍት ነው። ማስታወቂያው ግን ለሁለቱም መሆን አለበት። «ምሳ» አትበል፣ ሰዓቱን ብቻ ጻፍ፤ ያን ጊዜ የ6 ሰዓት ተኩሉም የ9 ሰዓቱም ሰው ራሱን ያገኛል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከጠዋት ቅዳሴ በኋላ ይበላል፣ የሚከለከለው ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሌላው የእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ሰንበት ላይ «ከ9 ሰዓት ጀምሮ» ብሎ የለጠፈ ቤት የጠዋቱን ገበያ ራሱ ዘጋው።

ያንን መልእክት እኔ ብጽፈው እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የጾም በያይነቱ፣ ሙሉ ወይም ግማሽ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ከ3 ሰዓት ጀምሮ። መጥበሻና ዘይታችን ለብቻው ነው።» ግማሹን ያስገባሁት በጾም ሰው ትንሽ ስለሚበላ ነው። ሙሉ እንጀራ በ30 በመቶ ቀንሰህለት ግማሹን ትሪው ላይ ትቶ ከሚሄድ፣ ግማሹን በግማሽ ዋጋ ሽጥለት፤ እሱም አያፍርም፣ አንተም አትደፋም።

ቀይ ስር
የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የምትጽፉ ከሆነ እውነት መሆን አለባት። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ «የጾም» የሚለው ቃል የሚፈርሰው እኛ ጋ ነው። ዶሮ የተጠበሰበት ዘይት ላይ ድንች ይጠበስና «የጾም ችፕስ» ይባላል። «የጾም ኬክ» ተብሎ ማርጋሪኑ ሲገለበጥ የወተት ተዋጽኦ ተጽፎበታል። ዳቦው ላይ የሚያብረቀርቀው የእንቁላል ቅብ ነው። ተጋቢኖ የሚቀርብበት ሸክላ ድስት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ጠጥቷል፤ ቢታጠብም እሳት ሲነካው ሽታው ይወጣል፣ ለሁዳዴ የተለየ ድስት ያስፈልጋል። ቃሉን ከማሳመራችሁ በፊት ወጥ ቤታችሁን ጠይቁ።

ጁስ ቤት
ይቅርታ፣ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አቮካዶ ጁስ እሸጣለሁ፣ ወተት ሲታዘዝ ብቻ ነው የምጨምረው። «የጾም ጁስ» ብዬ በትልቁ ብለጥፍ ያስኬዳል?

ቀይ ስር
በአንድ መፍጫ ከሆነ አትለጥፊ እህቴ። ሁለተኛ መፍጫ ግዢ፣ ወይ እስከ ፋሲካ ወተቱን ተዪ። የአቮካዶው ቅባት መፍጫው ምላጭ ስር ወተቱን ይዞ ይቀራል።

የመርካቶ ልጅ
እዚህ የተረሳ ነገር አለ። በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ነበር የገባው። ብዙ ቤት «ለጾመኞች በሙሉ የጾም ምግብ አዘጋጅተናል» ብሎ ለጠፈ። ለኔ «የጾም ምግብ» ማለት ምንም አይነግረኝም። እኔ መግሪብ ላይ ሳፈጥር ሾርባም ሥጋም እበላለሁ፤ የምፈልገው ሐላል መሆኑንና ቴምርና ውኃው አዛን ሲል ጠረጴዛ ላይ መድረሱን ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስታጣምሩ አንዳችንንም አልጠራችሁም።

ምጣዱ
ወንድሜ፣ እኔ አንድነት ይታይ ብዬ ነው እንደዚያ የጻፍኩት! ሁለት ሰሌዳ ብሰቅል ደግሞ «ለያየን» ትሉኛላችሁ።

የመርካቶ ልጅ
ሁለት ሰሌዳ ስቀል፣ ማንም ቅር አይለውም። በአንዱ ላይ «ኢፍጣር»፣ በሌላው ላይ «የጾም በያይነቱ» በል። ማክበር ማለት ስማችንን በትክክል መጥራት ነው።

ዓርብ ረቡዕ
ስለ ሆሳዕናው ማንም አላነሣም። ቅናሹ «እስከ ሆሳዕና» ነው ይላል። ሰሙነ ሕማማትስ?

የሰሌዳ ጸሐፊ
እዚያ ማቆሙ ሳያስበው ያገኘው ትክክል ነው። በሕማማት ሰው እጅ ለእጅ አይጨባበጥም፣ አይሳሳምም፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል መልእክት በዚያ ሳምንት ከገባ ትልቅ ስሕተት ነው። ችግሩ ብዙ ቤት መልእክቱን አስቀድሞ በሰዓት ስለሚሞላው ነው፤ ማክሰኞ ላይ በራሱ ይሄዳል። ሆሳዕና ማታ ገብታችሁ የተሞላውን ሁሉ አቁሙ። የፋሲካ ዶሮ ትዕዛዝ መቀበል ግድ ከሆነም «የፋሲካ ትዕዛዝ እስከ ዓርብ እንቀበላለን» ብቻ በሉ፣ ያለ ዶሮ ወጥ ፎቶ።

ምጣዱ
ያለ ፎቶ ማን ያዛል? የጎረቤቴ ቤት ሐሙስ ላይ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ትዕዛዙን እሱ ይወስዳል።

ቀይ ስር
ይውሰደው። ስቅለት ላይ ሲሰግድ ውሎ ስልኩን የከፈተ ሰው ያየውን ፎቶ በፋሲካ ማግስት አይረሳም።

ምጣዱ
እሺ፣ «እንዳይከብድዎ» ይውጣ። ግማሹንም እቀበላለሁ። «ቅናሽ» ግን አይወጣም። ዓሣ ጉላሹንም «የጾም» ከሚለው ስር አላወርደውም፣ ሰው ይጠይቀኛል።

ዓርብ ረቡዕ
ዓሣ በሁዳዴ? ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን የከለከለችውን አንተ በሰሌዳ ልትፈቅድ ነው?

ምጣዱ
የሚበላው ሕዝቡ ነው እንጂ እኔ አልፈቀድኩም!

የሰሌዳ ጸሐፊ
ሕዝቡ ይብላ፤ «ዓሣ ጉላሽ» ብለህ ለብቻው ጻፈው። «የጾም» የሚለውን አንተ አትጨምርበት፤ መብላቱን የሚወስነው ሰውዬው ነው።

ምጣዱ
ለብቻው ከጻፍኩት ጾመኛው የሥጋ ዝርዝር መስሎት ያልፈዋል። እሱን መልስልኝ።