አስቸኳይ፦ አባቴ ጀርመን ውስጥ ዕዳ ትቶ አረፈ፣ ውርሱን አልፈልግም

ብርቱካን ኬ. (ሐሙስ ጠዋት)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። አባቴ እዚሁ ጀርመን ነው ያረፈው። ትናንት ከባንክ ደብዳቤ መጣ፤ 23,000 ዩሮ ብድር አለበት ይላል። ሒሳቡ ላይ ያለው 1,900 ዩሮ ነው፣ አንዲት አሮጌ መኪናም አለች። ውርሱን አልፈልግም ብዬ ለባንኩ ኢሜይል ልኬያለሁ። ስድስት ሳምንት ጊዜ አለሽ ተብያለሁ። የሚቆጠረው ከትናንት ነው አይደል? ኢሜይሉስ ይበቃል?

ጋሼ ነኝ
ነፍስ ይማር ልጄ። እኔ ግን ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። አባትሽ አሳድጎ ለወግ አብቅቶሽ፣ ስሙ በዕዳ ሲነሳ ዝም ትያለሽ? ባንኩን አነጋግረሽ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብትከፍይ ምን አለበት? የዛሬ ልጆች ሁሉንም በፊርማ መገላገል ትወዳላችሁ።

ሹፌሩ
ጋሼ፣ የእርስዎን 500 ዩሮ መዝግቤያለሁ። ቀሪውን እኛ እናዋጣለን 😄

የማታ ፈረቃ
እህት፣ ኖታር ጋ ሂጂና ፈርሚ፣ አለቀ። እኔም እንደዛ ነው ያደረግኩት። 30 ዩሮ አካባቢ ነው የከፈልኩት።

ሰነድ ጠባቂ
ነፍስ ይማር ብርቱካን። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ስለምሠራ ይህን ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለባንኩ የላክሽው ኢሜይል ምንም አያደርግልሽም። ውርስ አልቀበልም የሚባለው ለአበዳሪ ሳይሆን ለውርስ ፍርድ ቤቱ፣ ለናኽላስገሪኽት ነው። ለፍርድ ቤቱም ቢሆን ተራ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል አይበቃም። ወይ ቀርበሽ ቃልሽ በመዝገብ ይያዛል፣ ወይ ኖታር ፊርማሽን አረጋግጦልሽ ወረቀቱ ይላካል።

ጊዜው የሚቆጠረው ደግሞ ዕዳውን ካወቅሽበት ቀን አይደለም። አባትሽ መሞቱንና አንቺ ወራሽ መሆንሽን ካወቅሽበት ቀን ነው። ስለዚህ ቶሎ ንገሪኝ፦ መቼ ሰማሽ? ኑዛዜ አለ? እናትሽስ? ልጆች አሉሽ? መኪናዋን ነክተሻታል?

ብርቱካን ኬ.
ወይኔ! ሆስፒታሉ የደወለልኝ ያረፈ ዕለት ነው፣ ማክሰኞ ነበር። የፊታችን ማክሰኞ ስድስት ሳምንት ይሞላዋል። ኑዛዜ የለም። ከእናቴ ጋር ከተፋቱ ቆይተዋል። እህቴ አዲስ አበባ ናት። የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። መኪናዋን በ3,000 እገዛለሁ ያለ ሰው ነበር፤ የቀብሩን ወጪ ስለሸፈንኩ በሷ ላካክሰው ብዬ ነበር።

ሰነድ ጠባቂ
እንዳትሸጫት! የሟችን ንብረት እንደ ራስሽ ከሸጥሽ ውርሱን ተቀብለሻል ይባላል፣ ከዚያ በኋላ አልፈልግም ማለት አይቻልም። ማስቀበር ግን እንደ መቀበል አይቆጠርም። በሱ አትጨነቂ።

ጊዜሽ የሚያበቃው የፊታችን ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ኖታር ጋ መሄድ ጥሩ ነው፣ ግን ፊርማው ብቻውን አያድንሽም። ወረቀቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤቱ መድረስ አለበት፤ ፖስታ ቤት ዓርብ ወስዶ ረቡዕ ቢያደርሰው አለቀልሽ። ስለዚህ በአካል ሂጂ። የአባትሽ መኖሪያ ሩቅ ከሆነ አንቺ በምትኖሪበት አካባቢ ባለው የወረዳ ፍርድ ቤት፣ በአምትስገሪኽት፣ ውስጥ ያለው የውርስ ክፍልም ይቀበልሻል። ዛሬውኑ ደውዪና ጊዜዬ ማክሰኞ ያበቃል በያቸው። ቀጠሮ ሞልቷል ሲሉ ይህን ቃል ካልሰሙ ወደ ሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚገፉሽ። መታወቂያና የሞት የምስክር ወረቀት ያዢ። ጀርመንኛሽ ካልጠነከረ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግሽም ቀድመሽ ንገሪያቸው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው። አንቺ ስትተይው ውርሱ አይጠፋም፣ ወደ ልጅሽ ይወርዳል። የስድስት ዓመት ልጅሽ የ23,000 ዩሮ ዕዳ ወራሽ ሆነች ማለት ነው። ስለዚህ በዚያው ቀጠሮ ለሷም አልቀበልም በሉ። ከባልሽ ጋር የጋራ አሳዳጊዎች ከሆናችሁ ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ፣ አንቺ ብቻ አይበቃም። ልጅቷ ወራሽ የሆነችው አንቺ ስለተውሽው ብቻ ስለሆነ ግን የቤተሰብ ፍርድ ቤት ፈቃድ አያስፈልግም።

እንዳሻው
ለምንድን ነው ሁሉንም የምትተወው? መኪናዋን ትውሰድና ዕዳውን ትተወው። መብቷ ነው።

ሰነድ ጠባቂ
እንዳሻው፣ አይቻልም። ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን መተው ሕጉ አይፈቅድም። ወይ ሁሉንም ወይ ምንም።

እንዳሻው
ታዲያ መጀመሪያ ውርሱ ከዕዳው ማነሱን እርግጠኛ ናት? ምናልባት ሌላ ገንዘብ ይኖራል። የሕይወት ኢንሹራንስስ?

ሰነድ ጠባቂ
ጥያቄው ጥሩ ነው። ኢንሹራንሱ ላይ ተጠቃሚ ተብላ በስም ተጽፋ ከሆነ ግን ገንዘቡ ውርስ ውስጥ አይገባም። ውርሱን ብትተወውም ታገኘዋለች። ለሌላው ግን ለመመርመር ያላት ጊዜ እስከ ማክሰኞ ብቻ ነው። ከሚታየው ተነስታ መወሰን አለባት።

ትዕግሥት ኤም.
እኔ የአጎቴ ልጆች ሁሉንም ትተው ሲገላገሉ ማንም አልነገረኝም። ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ፣ የሆነ ሰው ዕዳ ወራሽ ነሽ ብሎ። ለካ ተራው እየዞረ እኔ ጋ ደርሷል! እህቴ፣ እባክሽ ለአጎቶችሽና ለአክስቶችሽ ንገሪያቸው።

ሰነድ ጠባቂ
ትዕግሥት ልክ ነሽ። የቀጣዩ ሰው ስድስት ሳምንት የሚጀምረው ተራው እሱ ጋ መድረሱን ሲያውቅ ነው፤ ስለዚህ አንቺ ያኔ አልረፈደብሽም ነበር። ብርቱካን፣ እህትሽ አዲስ አበባ ሆና ከሰማች ስድስት ወር አላት፣ ምክንያቱም ጊዜዋ ሲጀምር ከጀርመን ውጭ ነበረች። ፊርማዋን አዲስ አበባ ባለው የጀርመን ኤምባሲ ማረጋገጥ ትችላለች። ዋናው ሰነድ ግን እዚህ ፍርድ ቤቱ መድረስ አለበት። ልጆች ካሏት ለነሱም እንደዚሁ።

የማታ ፈረቃ
እኔ እኮ ብያለሁ፣ ኖታር።

ሹፌሩ
ማክሰኞ ቢያልፍባትስ? እስር ቤት ነው?

ሰነድ ጠባቂ
እስር ቤት የለም 😄 ካለፈባት እንደተቀበለች ይቆጠራል። ከዚያ በኋላም መውጫ አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ብድሩ መኖሩን ፈጽሞ ሳታውቅ ጊዜው ካለፈ፣ ስህተቷን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በስድስት ሳምንት ውስጥ መቀበሏን መሻር ትችል ይሆናል። ብርቱካን ግን ትናንት አውቃለች፣ ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አይሆንላትም። ሌላው መንገድ በውርሱ ላይ ኪሳራ እንዲታወጅ መጠየቅ ነው። ያኔ ዕዳው የሚከፈለው ከውርሱ ብቻ ይሆናል፣ የራሷን ደመወዝ አይነካም። ያን ጥያቄ ግን ውርሱ ዕዳውን እንደማይሸፍን ካወቀች በኋላ ሳትዘገይ ማቅረብ ግዴታዋ ነው።

ጋሼ ነኝ
የቀብሩስ ወጪ? እሱንም ትተወዋለች ልትሉኝ ነው?

ሰነድ ጠባቂ
አይደለም ጋሼ። ውርሱን ብትተወውም የማስቀበር ግዴታው የቅርብ ዘመድ ላይ እንዳለ ይቆያል። አቅም የሌለው ሰው ግን ከማኅበራዊ እርዳታ ቢሮው ወጪውን እንዲሸፍንለት መጠየቅ ይችላል። መኪናዋን መሸጥ መፍትሔ አይደለም።

ብርቱካን ኬ.
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደውዬ ለሰኞ በ9 ሰዓት ቀጠሮ ሰጡኝ። ባለቤቴ ሥራ ስላለው ብቻዬን ብሄድ፣ እሱ በኋላ ቢፈርም ይሆናል?

ሰነድ ጠባቂ
ለራስሽ ይሆናል። የልጅሽ ግን የሱ ፊርማ እስኪጨመር ሙሉ አይሆንም። የሷ ስድስት ሳምንት የሚጀምረው አንቺ ከተውሽና ተራው እሷ ጋ መድረሱን ሁለታችሁም ካወቃችሁ በኋላ ስለሆነ ማክሰኞ አያበቃም፣ ትንሽ ፋታ አለው። ግን የመርሳት ነገር አለና አብራችሁ ብትሄዱ ይሻላል።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ ጥያቄ ልጨምር። የአባቴን ፎቶዎችና ጋቢውን ከቤቱ ብወስድ ውርሱን ተቀብያለሁ ማለት ነው? የእኔም ጊዜ ሊያልቅ ነው።